ውሃው በገንዘብ ነው እንዴ?

ትናንት ማታ አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ደወለችልኝ። ሐይቅ ሳስተምር በሚኒ ሚዲያ ክበብ ማይክ ከእጇ የማይወርድ ልጅ ነበረች። አሁን የመድረክ ሥራ ጀምራለች፤ ለመስከረም 21 ግሸን በሚደረግ የተጓዦች መስተንግዶ ላይ መድረክ እንድትመራ ተጠይቃለች። «ቲቸር፣ ስፖንሰሩ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፎ ሰጠኝ፤ ሰውየውን ላመስግን ነው ወይስ ዕቃውን ልሽጥ?» አለችኝ።

ሳቄ መጣ። ከዚያ ግን የራሴን ትዝ አለኝና ሳቁ ቆመ። ለእሷ የነገርኳትን እዚህም ልጻፈው፤ ከእናንተም መድረክ የምትመሩ ብዙ ናችሁ።

የዛሬ ስንት ዓመት ነው፣ በዚያው በግሸን በዓል ዋዜማ ነበር። ግሸንን የሄደ ያውቃታል። የመስቀል ቅርጽ ያላት አምባ ናት፤ ግማደ መስቀሉ ያረፈባት ተብላ ስለምትታመን በዚያ ሰሞን ከየአገሩ ሕዝብ ይተማል። በእግሩ ቀናት ተጉዞ የሚመጣ ብዙ ነው። የእኛ ማኅበር ከዳገቱ በታች ድንኳን ጥሎ ተጓዡን ያሳርፍ፣ እግር ያጥብ፣ ውሃ ያጠጣ ነበር። ያን ዓመት አንድ ድርጅት ውሃውን ቻለን። በቦቴ እያመላለሰ ሦስት ሮቶ ሞላልን። ማታ ላይ አጭር ፕሮግራም ነበረን፤ መድረክ መሪው እኔ።

ከመጀመራችን በፊት ወረቀት ተሰጠኝ። እኔም ውለታ ነው ብዬ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። «በጥራቱ ተመራጭ የሆነው»፣ «ለማንኛውም ዝግጅትዎ አስተማማኝ አገልግሎት የሚሰጠው»፣ «በሁሉም ቅርንጫፎቻችን እናስተናግድዎታለን»... ድምፄንም ወፈር አድርጌያለሁ፣ እንደ ሬዲዮ። በመሃል ሁለት ጊዜ «ሞቅ ያለ ጭብጨባ!» አልኩ። እግሩ ያበጠ ሰው እንዴት ያጨብጭብ?

ስጨርስ ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ውሃው በገንዘብ ነው እንዴ?» አሉኝ።

ቀልድ መስሏችሁ እንዳይሆን፣ የምራቸውን ነው። ዞር ስል ኮዳቸውን ይዘው ወደ ሮቶው ሊሄዱ የነበሩ ሰዎች ቆመዋል። የሰሙት የሚሸጥ ነገር ድምፅ ነው፤ ስለዚህ ዋጋው እስኪነገር ይጠብቃሉ። በነፃ የመጣን ውሃ በአፌ ገበያ አወጣሁት።

የባሰው ደግሞ ኋላ መጣ። ድርጅቱን ወክሎ የመጣው ልጅ ሁለት ሌሊት ቦቴው ውስጥ ነው ያደረው። ጎማ ጭቃ ውስጥ ሲገባ ሲገፋ የነበረ ልጅ ነው። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ምንም አይደለም ግን ስሜን እንኳ አልጠሩትም» አለኝ። እውነቱን ነው። ያን ሁሉ ሳነብ የሰጠንን ነገር አልተናገርኩም፣ ያመጣውን ሰው አላነሳሁም። ወረቀቱ ስለ ድርጅቱ ሁሉን ይናገራል፤ ያ ድርጅት ለእነዚያ ሰዎች በዚያ ቀን ያደረገውን ግን አንድ መስመር አይናገርም። ማስታወቂያ ነዋ! ማስታወቂያ የትም ቢነበብ ያው ነው። ምስጋና ግን ከተነገረበት ቦታ ውጭ ብትወስደው ትርጉም የለውም።

በማግስቱ ጠዋት ሌላ ሕዝብ ገባ፤ እኔም ሁለተኛ ዕድል አገኘሁ። ወረቀቱን ኪሴ ከተትኩና እንዲህ አልኩ፦

«ከድንኳኑ ውጭ የቆሙትን ሦስት ሮቶዎች አይታችኋል። ውሃው ሁለት ቀን በቦቴ ሲመላለስ ነው የሞላው። ወጪውን የቻለልን እገሌ የተባለው ድርጅት ነው። ድርጅቱን ወክለው፣ ከቦቴው ጋር ሁለት ሌሊት ያደሩት አቶ እገሌ እዚህ ከእኛ ጋር አሉ። ውሃው በነፃ ነው፤ ቅዱ፣ ጠጡ። አቶ እገሌ፣ ደክመውልናል፣ እናመሰግናለን። ለላኩዎትም ምስጋናችንን ያድርሱልን።»

በቃ። ግማሽ ደቂቃ ቢሆን ነው። የድርጅቱ ስም አንድ ጊዜ ተጠራ፣ የሰውየው ሁለት ጊዜ። ጭብጨባ አልጠየቅኩም፤ ሰው ግን ዞር ዞር እያለ ልጁን ፈለገው። አንድ አባት ብድግ ብለው እጁን ያዙት።

ለተማሪዬ የነገርኳት መለያ ይኼ ነው። አማርኛችን ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል አይደል? እንግዲህ የዓረፍተ ነገሩን ጭራ ስሚ። «ሞላ»፣ «ቻለ»፣ «አደረ»፣ «አመጣ» ካለ ያለፈ ሥራ ነው፤ ምስጋና ነው። «ይሰጣል»፣ «ያቀርባል»፣ «ያስተናግዳል» ካለ ገና ለሚመጣ ደንበኛ የተነገረ ነው፤ ማስታወቂያ ነው። የተሰጠሽን ወረቀት በእርሳስ ያዢና እንዲህ ያለውን ሁሉ ሰርዢ። ከዚያ «ተመራጭ»፣ «ግንባር ቀደም»፣ «አስተማማኝ» የሚሉትን አውጪ። የሚተርፍልሽ ካለ እሱን ተናገሪ። ምንም ካልተረፈ ወኪሉን ፈልጊና ሦስት ነገር ጠይቂው፦ ምን ሰጣችሁ? እንዴት እዚህ ደረሰ? ማን ደከመ? ስሙንና ማዕረጉንም በዚያው ከራሱ አፍ ስሚ፤ አቶ ይሁን ኢንጂነር፣ የአባቱ ስም እንዴት እንደሚነበብ። የሰው ስም አበላሽቶ ማመስገን ከመርሳት አይሻልም።

«ግን ቲቸር፣ ስሙ ሦስት ጊዜ እንዲጠራ ተስማምተዋል እኮ» አለችኝ። ይሄ እውነተኛ ችግር ነው። ገንዘብ ያወጣ ድርጅት መታየት ይፈልጋል፣ መብቱም ነው። መፍትሔው መድረክ ላይ መሸወድ አይደለም፤ ከቀኑ በፊት ከአዘጋጁ ጋር ቁጭ ብሎ መለየት ነው። ዓርማው ባነር ላይ ይውጣ፣ ቲሸርት ላይ ይታተም፣ ሮቶው ላይ ይለጠፍ። ይኼ ሁሉ በዓይን የሚታይ ነው፤ የፈለገ ያየዋል፣ ያልፈለገ ያልፈዋል። የመድረክ መሪው ድምፅ ግን የሕዝቡ ድምፅ ነው፤ በእሱ የሚነገረው ምስጋና ብቻ ይሁን። ሦስት ጊዜ ይጠራ ከተባለም ይጠራ፤ መክፈቻው ላይ ከምስጋናው ጋር፣ ወኪሉ ሲጋበዝ ከስሙ ጋር፣ መዝጊያው ላይ ደግሞ በአንድ ዓረፍተ ነገር። ሦስቱም በሥራው እንጂ በዕቃው አይደለም።

በእርግጥ ሁሉም ዝግጅት ግሸን አይደለም። የኳስ ሊጋችን እንኳ በ2013 «ቤትኪንግ ኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ» ተብሎ ነበር። እዚያ ስሙ ራሱ የተሸጠ ነው፣ ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አልተሸወደም። ማስታወቂያ መነበብ ካለበት «ቀጥሎ የስፖንሰራችን መልእክት ነው» ብሎ ለይቶ ማንበብ ያባት ነው። የሚያስቀይመው ማስታወቂያው ሳይሆን የምስጋና ነጠላ ለብሶ ሲመጣ ነው።

ሌላው የፈራችው ወኪሉ ማይኩን ከያዘ በኋላ እሱ ራሱ ማስታወቂያ ቢጀምርስ ነው። ይጀምራል! አለቃው ቪዲዮውን ያየዋል፣ ምን ያድርግ? «ጥቂት ቃል ይበሉን» ብለሽ ከሰጠሽው ያነበነበውን ወረቀት ይደግመዋል። ጥያቄ ጠይቀሽ ስጪው። «ውሃውን ስታመጡ መንገዱ እንዴት ነበር?» በይው። ሰው ስለ መንገድ ሲጠየቅ ስለ ቅርንጫፍ አያወራም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ይሄ ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። የብራና መጻሕፍታችንን መጨረሻ ያየ ያውቀዋል። ብራና ውድ ነው፤ ስንት በግና ፍየል ታርዶ ነው አንድ መጽሐፍ የሚወጣው። ያንን ወጪ የሚችለው «ያጻፈው» ይባላል። የዛሬው ስፖንሰር ማለት ነው። ጸሐፊው መጽሐፉን ሲጨርስ እንዴት ያመሰግነዋል? የጻፈውን፣ ያጻፈውን፣ ያነበበውን፣ የተረጎመውንና የሰማውን በአንድነት ይማረን ብሎ ይለምናል። ልብ በሉ፤ ባለገንዘቡ ከጸሐፊውና ከሰሚው ጋር በአንድ መስመር ተቀምጧል። ከማንም በላይ አልተሰቀለም፣ ግን አልተረሳም። ግሱም ያለፈ ነው፦ ያጻፈው።

ወሎዬ ደግሞ ለዚህ የራሱ መላ አለው፤ ምርቃት። ስለዚህ ለተማሪዬ የመጨረሻውን እንዲህ አልኳት። ምስጋናውን ከአባቶች ምርቃት በፊት አድርጊው፣ በኋላ አታድርጊው። ከምርቃት በኋላ የድርጅት ስም ቢነሳ አሜን ያለውን ሰው እንደገና ገበያ መመለስ ነው። ከምርቃቱ በፊት ግን ሥራውን በአጭሩ ንገሪ፣ ወኪሉን ከተቀመጠበት አስነሺና «አባቶቼ፣ ለደከሙልን መርቁልን» ብለሽ ማይኩን ስጪ። ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ ሲመርቅ ቅርንጫፍ አይቆጥርም። «ያጠጣን አይጠማ» ይላል፣ ሕዝቡ አሜን ይላል፣ አለቀ።

እኔ በዚያን ቀን ጠዋት ይህን አላወቅኩም ነበር። እጁን የያዙት አባት ናቸው በራሳቸው የመረቁት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ «አሜን» ሲል ዓይኑ ውሃ ሞልቶ ነበር።

እኚያ እናትስ? ማታውኑ ሄጄ «እማማ፣ በነፃ ነው» አልኳቸው። «እንዲያ አትልም ነበር ታዲያ!» አሉኝ።

ዘንድሮ ግሸን የምትወጡ፣ መንገዱ የቀና ይሁንላችሁ። በደረሳችሁበትም የሚያጠጣ አይጥፋ።