ከሪፖርቱ ላይ የዘለልኳት መስመር

ከኢንዶስኮፒ ክፍል ስወጣ ጉሮሮዬ ገና እንደደነዘዘ ነበር። አንድ ገጽ ወረቀት ሰጡኝ። ታክሲ ውስጥ ገልጬ መጀመሪያ ያነበብኩት እንደማንኛውም ሰው የመጨረሻውን፣ ማጠቃለያውን ነው፦ «ቀላል ጋስትራይቲስ፣ ትንሽ ሃያታል ሄርኒያ»።

ጋስትራይቲሱ አላስገረመኝም። «ጨጓራ አለብኝ» ማለት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ያስደነገጠኝ ሄርኒያው ነው። ማታ ለእናቴ ስነግራት «ቡአ ሆድ ውስጥም ይወጣል እንዴ? ኦፕራሲዮን ልትሆን ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

በማግስቱ ወረቀቱን ከላይ ጀምሬ፣ ቀስ ብዬ አነበብኩት። የምግብ ቧንቧ በሚለው ሥር ሁለት ቁጥሮች አሉ፦ «ዜድ ላይን 38 ሳ.ሜ፣ ሃያተስ 40 ሳ.ሜ»። ርቀቱ የሚለካው ከፊት ጥርስ ጀምሮ ነው። ዜድ ላይን የምግብ ቧንቧው ሽፋን አልቆ የጨጓራው ሽፋን የሚጀምርበት መስመር ሲሆን፣ ሃያተስ ደግሞ ደረትንና ሆድን በሚለየው ጡንቻ ላይ ያለው ቀዳዳ ነው። ሁለቱ አንድ ቦታ መሆን ነበረባቸው። የእኔ መስመር ግን ከቀዳዳው 2 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሏል። የጨጓራዬ ጫፍ ያንን ያህል ወደ ደረቴ ተንሸራቷል ማለት ነው። ሄርኒያ የተባለው ይኸው ነው። ትንሽ ሲሆን ብዙ ሰው ሳያውቀው አብሮት ይኖራል፤ በራሱ ኦፕራሲዮን አያስፈልገውም። ልኬቱም ቢሆን የሚያቅለሸልሸው ሰው ላይ፣ ሆድ በአየር ተነፍቶ የሚወሰድ ስለሆነ ትንሽ ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል።

ጨጓራ በሚለው ሥር «የታችኛው ክፍል ላይ ቀላል መቅላት» ይላል። «ቀላል» የሚለው ቃል ካሜራው ስላየው መቅላት እንጂ ስለ እኔ ሕመም አይናገርም። ጨጓራው ቀልቶ ምንም የማያመው ሰው አለ፤ ምንም ሳይቀላ የሚሰቃይም አለ። ቃሉ ስለ መንስኤውም ምንም አይልም። መንስኤው ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ፣ እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያለ የሕመም ማስታገሻ ወይም አልኮል ሊሆን ይችላል።

የዘለልኳት መስመር ከዚህ በታች ነበረች፦ «የዩሪያዝ ምርመራ፦ ኔጌቲቭ»። ባክቴሪያው የለህም ማለት ነው። ደስ ሊለኝ ሲል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እስከ ምርመራው ዋዜማ ድረስ ኦሜፕራዞል እየዋጥኩ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተናገርኩም።

ምርመራው እንዲህ ነው፦ ከጨጓራ የተቆነጠረች ቁራጭ ዩሪያ ያለበት ቦታ ላይ ትቀመጣለች። ባክቴሪያው ካለ ዩሪያውን ይሰብረውና ቀለሙ ይቀየራል። ኦሜፕራዞል ግን ባክቴሪያውን ሳይጨርሰው ቁጥሩን ያሳንሰዋል። ስለዚህ ቀለሙ ሳይቀየር ሊቀር፣ ያለው ባክቴሪያም የለም ሊባል ይችላል።

ወረቀቱን ይዤ ተመልሼ ለሐኪሟ ነገርኳት። ኦሜፕራዞሉን ለ2 ሳምንት እንዳቆም፣ ቃር ሲነሳብኝ ፀረ አሲድ ሽሮፕ ብቻ እንድጠጣ፣ ከዚያ ሰገራ እንድሰጥ አዘዘችኝ። «በደም ይታይልኝ» ብላት፣ የደም ምርመራው ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ ፖዘቲቭ ሊል ስለሚችል አሁን ያለውን ካለፈው አይለይልንም አለችኝ። የሰገራው ውጤት ፖዘቲቭ ሆነ።

መድኃኒቱ 14 ቀን ነበር፤ አፌን ብረት ብረት እያለኝ ጨረስኩት። ጠፍቶ እንደሆነ ለማወቅ አንቲባዮቲኩ ካለቀ ቢያንስ 4 ሳምንት፣ ኦሜፕራዞል ከቆመ ደግሞ 2 ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል። ጠብቄ ሰገራ ሰጠሁ፤ ኔጌቲቭ ሆነ። ያ ከእምብርቴ በላይ የሚያቃጥለኝ ነገርም ቀስ በቀስ ተወኝ።

ቃሩ ግን አልጠፋም። እስከ ሌሊት ስጽፍ አምሽቼ፣ እራት በልቼ ወዲያው ስተኛ አሁንም ይመጣል። እሱ የዚያች 2 ሳንቲ ሜትር ሥራ ነው፤ አንቲባዮቲክ አይነካውም። አሁን ከእራት በኋላ 3 ሰዓት ያህል ሳልተኛ እቆያለሁ፤ ከአልጋዬ ራስጌ እግሮች ሥርም ጣውላ አድርጌ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጌዋለሁ። ትራስ መደራረብ ሆድን ስለሚያጥፈው ያን ያህል አይረዳም።

የኢንዶስኮፒ ቀጠሮ ያላችሁ፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ባትጠየቁም ቀድማችሁ ተናገሩ። ኔጌቲቭ የሚል ወረቀት በእጃችሁ ያለ ደግሞ፣ በዚያ ሳምንት ኦሜፕራዞል ወስዳችሁ እንደነበር አስታውሱ። እናቴ ዛሬም ስትደውል «ቡአው እንዴት ሆነ?» ትለኛለች። «ከእኔ ጋር ነው፣ ተስማምተናል» እላታለሁ።