በሸለቆው ውስጥ ስላለው እረኛ፤ ለኃዘንተኛ ወዳጄ

ወዳጄ ሆይ፤ እናትህ ካረፉ በኋላ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ የእድሩ ወንበር ተመልሶ፣ ከአዲስ አበባና ከሐዋሳ የመጡት ዘመዶችህም ወደየቤታቸው ተበትነው፣ አንተ በሶዶ ቤትህ ብቻህን በቀረህበት ምሽት ደውለህ የጠየቅኸኝን ጥያቄ በስልክ እንደሚገባ ልመልስልህ ስላልቻልሁ፣ ሌሎች ኃዘንተኞችም ያነቡት ዘንድ ፈቃድህን ተቀብዬ እነሆ በዚህ እጽፍልሃለሁ። በቀብሩ ዕለት የተነበበው ስለ እረኛው የሚናገረው የዳዊት መዝሙር፣ እግዚአብሔር የሚጠብቀው ሰው አንዳች እንደማይጐድልበት ሲናገር ሰምተህ፣ «እኔ ግን እናቴን አጥቻለሁ፤ እንግዲህ መዝሙሩ ለእኔ አልተጻፈም ማለት ነው» ብለኸኝ ነበር።

አስቀድሜ መዝሙሩን የተናገረውን ሰው አስብልኝ። በግዕዙ ዳዊት 22ኛ ሆኖ የሚቈጠረው፣ የዕብራይስጡን ቍጥር በሚከተሉት መጻሕፍት ደግሞ 23ኛ የሆነው ይህ አጭር መዝሙር፣ በአርእስቱ የዳዊት ተብሎ ተጽፏል፤ ዳዊትም የቤተ ልሔም እረኛ ሆኖ ከመንጋው በግ የነጠቁትን አንበሳና ድብ እንዴት ተከትሎ እንዳስጣላቸው በሳኦል ፊት የተናገረ ሰው ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ልበ አምላክ ዳዊት ከቤርሳቤህ የተወለደውን ሕፃን በሞት አጥቷል፤ የአቤሴሎምን ሞት በሰማ ጊዜም በበሩ ላይ ወዳለችው ሰገነት ወጥቶ፣ በእርሱ ፈንታ እኔ በሞትሁ ኖሮ እያለ አልቅሷል። ስለዚህ አንዳች አይጐድልብኝም የሚለውን ቃል፣ ምንም ነገር ተወስዶበት የማያውቅ ሰው የተናገረው አድርገህ አትስማው።

አይጐድልብኝም ያለውም ምን እንደ ሆነ ወዲያው አከታትሎ ይነግርሃል፤ ይኸውም ሣር፣ የረጋ ውኃ፣ ዕረፍትና ቀና መንገድ ነው። በግ የሚያመሰኳው ጠግቦ ሲያርፍ ነው፤ የሚያስደነግጠው ነገር በአጠገቡ ካለ ግን ሣሩ ቢለመልምም ተረጋግቶ አይተኛም፤ እንግዲህ መንጋው በመስኩ ላይ ተኝቶ መታየቱ ስለ ሣሩ ብዛት ብቻ ሳይሆን ስለ እረኛው መኖርም ይመሰክራል። መዝሙሩ ከመንጋው ማንም አይለይም አላለም፤ ለቀጣዩ መንገድ የሚያስፈልገው ስንቅ አይቋረጥም አለ እንጂ። እናትህ የማይተኩ ናቸው፤ ይህንንም ጕድለት መዝሙሩ እንዲክድልህ አትጠብቅ፤ እኔም አልክድህም።

አሁን ወደ ሸለቆው እንምጣ፤ መጽናናቱ ሁሉ በዚያ ነውና። በይሁዳ ምድረ በዳ እረኞች መንጋውን ከአንዱ ግጦሽ ወደ ሌላው የሚያሻግሩት ግራና ቀኙ ገደል በሆነ ጠባብ ሸለቆ ሲሆን፣ ፀሐይ በከፍታው ላይ እያለች እንኳ ታችኛው መንገድ በጥላ ይዋጣል፤ አውሬም በድንጋዩ ሥር ያደባል፤ በሩቅ ተራራ የዘነበ ዝናምም በድንገት ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል። ወደዚህ ስፍራ በጉ ጠፍቶ የገባ እንዳይመስልህ፤ ከሸለቆው አስቀድሞ የተጠቀሰው በቀናው ጎዳና ስለ መመራት ነውና፣ ቀናው ጎዳና ራሱ በሸለቆው ውስጥ ያልፋል። ስለዚህ፣ ኃዘንህ ከእግዚአብሔር መንገድ የወጣህ ለመሆንህ ምልክት አይደለም።

ደግሞም ልብ በል፤ ዳዊት በለመለመው መስክ ሳለ ስለ እረኛው ለሌላ ሰው እንደሚያወራ ሆኖ ይናገራል፤ ጨለማው ውስጥ በገባ ጊዜ ግን ወሬውን ትቶ ወደ እረኛው ዘወር በማለት፣ አንተ ከእኔ ጋር ነህና አልፈራም ይለዋል። ሞት ለምን እንደመጣ አልጠየቀም፤ ምክንያቱ ምን እንደ ሆነም አልተነገረውም። የተሰጠው አብሮነት ብቻ ነው፤ ያንንም የሚያረጋግጡለት ሁለት መሣሪያዎች ናቸው፤ አንዱ አውሬ የሚመታበት አጭር ዱላ፣ ሁለተኛው በጉን የሚመልስበትና የሚደገፍበት ረጅም ምርኵዝ ነው። በዳሞታ ግርጌ ከብትና በግ ሲጠብቁ ያደግን ሁሉ እንደምናውቀው፣ ጉም ተራራውን ሸፍኖ አንዱ በግ ሌላውን በማያይበት ሰዓት መንጋውን የሚሰበስበው እረኛው በትሩን ከድንጋይ ጋር ሲያጋጭ የሚሰማው ድምፅ ነው፤ በጉ እረኛውን ባያየውም ድምፁን ተከትሎ ይሄዳል።

ከዚህ በኋላ እረኛው ባለ ቤት ሆኖ ማዕድ ያሰናዳል፤ የእንግዳውንም ራስ በዘይት ይቀባል። ይህን ብዙ ሰው እንደ ተራ ደስታ ቈጥሮ ያልፈዋል፤ እኔ ግን ለኃዘንተኛ የተጻፈ ይመስለኛል። በዚያ ዘመን ኃዘንተኛ ዘይት አይቀባም ነበርና፤ ኢዮአብ የቴቁሔይቱን ብልህ ሴት ኃዘንተኛ መስላ ንጉሡ ፊት እንድትቀርብ ባዘዛት ጊዜ ዘይት እንዳትቀባ ነግሯታል፤ ዳዊትም ሕፃኑ ከሞተ በኋላ ከምድር ተነሥቶ፣ ታጥቦና ተቀብቶ፣ ወደ እግዚአብሔር ቤት ገብቶ ከሰገደ በኋላ እንጀራ በልቷል። በመዝሙሩ ግን እንግዳው ራሱን አይቀባም፤ ባለ ቤቱ ይቀባዋል። ማዕዱም የሚዘረጋው ጠላቶቹ ከሄዱ በኋላ አይደለም፤ ገና በፊቱ ቆመው ሳሉ ነው። በለቅሶው ሰሞን በቤትህ እሳት ሳይነድ ጎረቤቶችህ ምግብና ቡና ይዘው ሲገቡ አይተሃል፤ አንተም እያለቀስህ ቀምሰሃል። ያ ማዕድ ከመዝሙሩ ማዕድ የተለየ አይደለም።

በአገራችን በወላይታም እረኛው መንጋውን በጨለማ እንደማይተው የሚያስረዳ ነገር ሆኗል። በ1920 ዓ.ም. ግድም ወደ ደቡብ የመጡት የሱዳን የውስጥ ሚሲዮን ሰዎች በሶዶ አጠገብ በኦቶና ሲያስተምሩ ቆይተው፣ በ1929 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ምክንያት ወጥተው በሄዱ ጊዜ፣ የተጠመቁት ወላይታዎች 48 ያህል እንደነበሩ፣ በቋንቋቸውም ከማርቆስ ወንጌልና ከጥቂት ክፍሎች በቀር መጽሐፍ እንዳልነበራቸው ይነገራል። መሪዎቻቸው፣ ዋንዳሮን የመሰሉት፣ ታሰሩ፤ ተገረፉም። እረኛቸው እንደተለየ መንጋ ይበተናሉ ተብሎ ተፈርቶ ነበር፤ ጠላት ከወጣ በኋላ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ግን ምእመናኑ ወደ 10,000 ደርሰው ተገኙ። ይህን የምነግርህ ኃዘንህን በቍጥር ላሳንስ ብዬ አይደለም። እናትህ እጅህን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያን የመሩህ የመጀመሪያ እረኛህ ነበሩና፣ የእርሳቸው መለየት የዋናው እረኛ መለየት እንዳይመስልህ ብዬ ነው።

ስለዚህ ወዳጄ፣ መዝሙሩን ስታነብ ወደ መጨረሻው፣ በእግዚአብሔር ቤት ስለ መኖር ወደሚናገረው ክፍል ለመድረስ አትቸኵል፤ ሰዎች ቸኩለው ቢያደርሱህም ተመለስ። ስለ እረኛው መናገር ቢያቅትህ ተወው፤ እርሱን ራሱን አነጋግረው፤ ቃል ካጣህም አልቅስለት። ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ሲልህ ደግሞ፣ ሰዓቱ ምንም ቢሆን፣ እንዳትሳቀቅ፤ ደውልልኝ።