«ከየት ነህ?» ከመባሉ በፊት

ስብሰባ ላይ ማይክሮፎኑ እየዞረ «ራሳችንን እናስተዋውቅ» ሲባል፣ አብዛኛው ሰው ስሙንና የመሥሪያ ቤቱን ስም ተናግሮ ይቀመጣል። ለመሥሪያ ቤት ሰው ይህ ይበቃዋል። አንዱ «ከውሃና ፍሳሽ» ካለ፣ ሻይ ዕረፍት ላይ የሰፈሩን የውሃ ፈረቃ ይዞ የሚመጣበት ሰው አያጣም። እንደኔ በግሉ ለተለያዩ ሚዲያዎች የሚጽፍ ሰው ግን የመሥሪያ ቤቱ ስም የሚገባበት ቦታ ባዶ ነው። እሱ ካልሞላው አድማጩ በራሱ ግምት ይሞላዋል። «ፍሪላንሰር» የሚለው ቃል ደግሞ ለብዙ ሰው ጆሮ «ለጊዜው ሥራ ፈት ነኝ» እንደማለት ነው። ከዚያ «ከየት ነህ?» ይከተላል። ጠያቂው የመሥሪያ ቤቴን ስም ፈልጎ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም በዚህ ዘመን ይህች ጥያቄ ስትወረወር ሁለታችንም ለአፍታ ዝም እንላለን፤ ስለ ሥራ ይሁን ስለ ብሔር ማን ያውቃል?

ባዶውን ቦታ ለመሙላት የግል ጋዜጠኞች አዘውትረው የሚሉት ይህን የመሰለ ነው፦ «እገሌ እባላለሁ፤ በማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጉዳዮች ላይ ትኩረት በማድረግ ለተለያዩ የአገር ውስጥና የውጭ መገናኛ ብዙኃን የምሠራ ፍሪላንስ ጋዜጠኛ ነኝ።»

ውሸት የለበትም፤ ሰዋስውም አልተበላሸም። ችግሩ ለዓይን የተጻፈ መሆኑ ነው። በአማርኛ ማሰሪያው መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ አድማጩ ሰውዬው ነጋዴ ይሁን ተመራማሪ ሳያውቅ «በማኅበራዊ»፣ «በኢኮኖሚያዊ»፣ «ለተለያዩ» የሚሉትን ሁሉ ተሸክሞ መጠበቅ አለበት። ወረቀት ላይ ቢሆን ዓይኑን መልሶ ያነባል፤ ብርጭቆ በሚንኳኳበት አዳራሽ ውስጥ ግን መመለሻ የለውም። «ጋዜጠኛ» የሚለው ቃል ሲደርስ ማይክሮፎኑ ወደ ቀጣዩ ሰው እየሄደ ነው። ሌላም ነገር አለ፤ «ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጉዳዮች» ውስጥ የማይገባ ነገር ስለሌለ የሚጠየቅበትም ነገር የለም።

መፍትሔው ቋንቋው ውስጥ አለ። ረጅሙን ዓረፍተ ነገር ቆርጦ ለእያንዳንዱ ቁራጭ የራሱን ማሰሪያ መስጠት ነው። «ስለ ቤት ኪራይ እጽፋለሁ» ከማለት ይልቅም «የምጽፈው ስለ ቤት ኪራይ ነው» ማለት ይሻላል። «የምጽፈው» ቀድሞ ሲሰማ አድማጩ ምን እንደሚመጣ አውቆ ጆሮውን ያዘጋጃል፤ ዋናው ቃልም ከ«ነው» በፊት ለብቻው ጎልቶ ይወጣል። ሰፈር ውስጥ ሁላችንም የምናወራው እንዲህ ነው፤ ማይክሮፎን ስንጨብጥ ነው መግለጫ የምናነበው።

እኔ አሁን የምለው ይህን ነው፦ «እገሌ እባላለሁ፤ ጋዜጠኛ ነኝ። የምጽፈው ስለ ቤት ኪራይ ነው። አሁን የማጣራው፣ ውል ላይ የሚጻፈውና በእጅ የሚከፈለው ኪራይ አንድ መሆን አለመሆኑን ነው።» ስልኬ ላይ ቀድቼ ከረጅሙ ጋር ሳስተያየው ሁለቱም ከ12 ሰከንድ ብዙም አይርቁም። ልዩነቱ ይኸኛውን የሰማ ሰው በሦስተኛው ሰከንድ ከማን ጋር እንደሆነ ማወቁ ነው።

ከሦስቱ ጥያቄ የሚስበው የመጨረሻው ነው። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ዘመኑም ከ2 ዓመት አይነስ ይላል። ከኪራይ የሚገኝ ገቢ ደግሞ ግብር አለበት። ስለዚህ ውል ላይ የሚሰፍረው ቁጥር አከራዩንም ተከራዩንም ይነካል፤ አዳራሹ ውስጥ ደግሞ ከሁለቱ አንዱ ያልሆነ ወይም ዘመድ የሌለው ሰው ማግኘት ያስቸግራል። «ስለ ቤቶች ልማት ፖሊሲ እጽፋለሁ» ብል ለመጠየቅ እውቀት ይፈልጋል፤ ስለ ውሉ ለመጠየቅ ግን ቤት ተከራይቶ ማወቅ ይበቃል። በዚያ ላይ ነገሩ ገና እየተጣራ ነው። ያለቀ ነገር የሰማ ሰው «ጎበዝ፣ በርታ» ብሎ ያልፋል፤ ያላለቀ የሰማ ግን የራሱን ይጨምርበታል።

ጥያቄ እንዲመጣ ብሎ መግቢያውን በጥያቄ መጨረስ ግን ሌላ ነገር ነው። «እርስዎስ ተከራይ ነዎት?» ማለት ለማያውቁት ሰው የገቢዎች ሠራተኛ መምሰል ነው። ሰውየው ሻዩን ይዞ ዘወር ይላል፤ አይፈረድበትም።

«ጋዜጠኛ» የሚለውን ቃል ወደ ኋላ ማስቀረት ይሻላል የሚሉ የሙያ ባልደረቦች አሉኝ። ሰው ቃሉን ሲሰማ ይዘጋል ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ የሚዘጋ አለ። እኔ ግን አልስማማም። አንዲት ሴት ስለ አከራይዋ ሁሉን ካወራችኝ በኋላ ጋዜጠኛ መሆኔን ብነግራት፣ ቀድማ ያወራችው ከሌላ ሰው ጋር ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ቃሉ ከስሜ ቀጥሎ ይመጣል፤ ፊቷ ሲለወጥ ካየሁ «አሁን አልቀዳም፣ አልጽፍምም፤ የምጽፍ ከሆነ አስፈቅዳለሁ» እላለሁ። ዝም የምትል ከሆነም ዝም ትበል።

መግቢያው መሥራት አለመሥራቱ የሚታወቀው ቀጥሎ በሚመጣው የመጀመሪያ ንግግር ነው። «የት ሚዲያ?» ከተባልኩ ባዶው ቦታ አልተሞላም ማለት ነው፤ በቅርቡ ጽሑፌ የወጣበትን አንድ ቦታ ብቻ እጠራለሁ፤ አምስት መዘርዘር ሥራ ፈላጊ ያስመስላል። «ታዲያ ምን አገኘህ?» ወይም «የኛ አከራይ እኮ…» ከተባለ ግን በሩ ተከፍቷል። ለ«ምን አገኘህ?» አንድ አጭር መልስ መያዝ ያስፈልጋል፤ የነገረኝን ሰው የማያጋልጥ፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ። እዚህ ላይ ንግግር ማድረግ የጀመረ ሰው በ12 ሰከንድ ያገኘውን በሦስት ደቂቃ ያጣዋል።

ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት መግቢያ አይሠራም። ፊት ለፊቴ የቆሙት የወረዳ ሠራተኛ ከሆኑ፣ ስለ ውልና ስለ እጅ ክፍያ መስማት እንደ ክስ ሊሆንባቸው ይችላል። ያኔ ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ባሉበት ቆይተው ሦስተኛው ይቀየራል፦ «አሁን የማጣራው፣ ውል ሊያስመዘግብ የሚመጣ ሰው የሚቸገረው የቱ ጋ እንደሆነ ነው።» ይህን የምለው እሱንም በእርግጥ እያጣራሁ ስለሆነ ነው፤ ባላጣራው ኖሮ በሁለተኛው ጥያቄያቸው ላይ ይታወቅብኝ ነበር። በዕድሜ ለሚበልጡኝ ደግሞ ሰላምታው ይቀድማል፤ ቁመው እንዲሰሙኝ ከማድረጌ በፊት «እንደምን ዋሉ» ብዬ መልሳቸውን እጠብቃለሁ።

ስሜ ብዙ ጊዜ አይያዝም። ማይክሮፎን ላይ የአባቴን ስም ጨምሬ እላለሁ፤ ሻይ ላይ የራሴን ብቻ፤ ስልክ ስንለዋወጥ ደግሞ አንድ ጊዜ እደግመዋለሁ። ቢሆንም ባለፈው አንድ ሰው ቁጥሬን ሲመዘግብ በጎን አይቼ ነበር፤ «ኪራይ ጋዜጠኛው» ብሎ ነው የያዘኝ።