«ከቀላ ተመለሺ»

በኦፕራሲዮን የወለደች እናት ከሆስፒታል ስትወጣ የሚነገራት ምክር አጭር ነው፦ «ቁስሉ ከቀላ ወይም መግል ከያዘ ተመለሺ»። ምክሩ ልክ ነው። ግን ጠይም ቆዳ ላይ መቅላት እንደ መጽሐፉ ሥዕል ቀይ ሆኖ አይታይም። ጠቆር ይላል፣ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል፤ አንዳንዴ ቆዳው ተወጥሮ ከማብለጭለጭ በቀር ምንም ለውጥ የለውም።

አንዲት የመጀመሪያ ልጇን የወለደች እናት የገጠማት ይኸው ነው። በ3ኛው ቀን ቤቷ ገባች፤ በ4ኛው ሕመሙ ቀለል ብሎላት ያለ ደጋፊ መራመድ ጀመረች። በ6ኛው ቀን ሕመሙ ተመልሶ መጣ፤ ማታ ደግሞ አንቀጠቀጣት። እናቷ «ፀሐይ አግኝቷት ነው፣ ምች ነው» ብለው ዳማከሴ አሹላት። ማን ይፈርድባቸዋል? አራስ ስታተኩስ በአገሩ መጀመሪያ የሚታሰበው እሱ ነው። ቁስሉንም አይተውታል፤ አልቀላም።

ነገሩን የለየችው እህቷ ናት። የእጇን ጀርባ በቁስሉ ግራና ቀኝ አስጠግታ ስትለካ አንዱ ወገን ይፋጃል፤ ሲነካም ጠጥሯል። የጠቆረውን ቦታ ዳርቻ በእስክሪብቶ አሰመረችበት። ጠዋት ጥቁረቱ መስመሩን በሁለት ጣት ያህል አልፎት ነበር። ቴርሞሜትሩ 38.6 አለ።

የሚድን ቁስል ዙሪያውም ይሞቃል፣ ያማል፤ ግን ጠባብ ነው፣ በየቀኑም ይቀንሳል። ቀንሶ የነበረ ሕመም ተመልሶ ሲጨምር መግሉ ሳይታይ በፊት ነገሩን ይናገራል። ፈሳሽ ሁሉም መግል አይደለም፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀጭን፣ ጠራ ያለ፣ ሮዝ ወይም ቢጫማ ጠብታ ቢወጣ አያስደነግጥም። ወፍራም፣ የደፈረሰና የሚሸት ከሆነ ግን መግል ነው።

ጎረቤት ካፕሱል ከፍተው ዱቄቱን እንዲነሰንሱበት መክረው ነበር። ደግነቱ አልተደረገም። ዱቄቱ ከላይ ቅርፊት ሠርቶ ቁስሉን ይሸፍነዋል እንጂ ከስፌቱ በታች የተጠራቀመውን መግል አያወጣም። የሚዋጠውም መድኃኒት ብቻውን ወደ ታሸገ መግል በደንብ አይደርስም። ሐኪሙ ያደረገው ጥቂት ስፌት ፈትቶ መግሉን ማፍሰስ፣ ማጠብና ቁስሉን ክፍት መተው ነበር፤ ከዚያ አንቲባዮቲክ ታዘዘ።

የአራስ ትኩሳት ሁሉ ከስፌቱ አይመጣም፤ ከጡት ወይም ከማሕፀንም ሊሆን ይችላል። ቢሆንም 38 ከደረሰ በዚያው ቀን መታየት አለባት። ሕመሙ ከሚታየው ቁስል እጅግ ከበለጠ፣ ቆዳው ውኃ ከቋጠረ ወይም ከከሰለ፣ ትንፋሿ ከፈጠነ ወይም ከቃዠች ግን ቀኑም አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ነው።

እሷ በየቀኑ ፋሻ እየተቀየረላት ቁስሉ ከሥር ወደ ላይ ሞልቶ ለመዝጋት ሳምንታት ወሰደበት። ጠባሳው በዚያ ወገን ሰፋ ብሏል።