ሲንኩ «ተሳክቷል» ያለን ሌሊት

ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከጀሞ ተደወለልኝ። ደዋይዋ የአንድ የግንባታ ዕቃ አከፋፋይ ገንዘብ ያዥ ናት። «ኢንጂነር፣ አንድ ደንበኛ ሐሙስ ዕለት የዱቤውን 84 ሺህ ብር ከፍሎኛል። ደረሰኙም በእጁ ነው። ሲስተሙ ግን አልከፈለም ይላል። ሥራ አስኪያጁ ብሩ የት ገባ እያለኝ ነው» አለችኝ። ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ያንን ሲስተም የሠራሁት እኔ ነኝ። ላፕቶፔን ይዤ ወደ ጎፋው ዋና ቢሮ ሄድኩ። ቤቱን ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ግን ለናንተ በተለይ ለድሮ ተማሪዎቼ ልንገራችሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የጀሞው ሱቅ የራሱ ኮምፒውተር አለው፤ የደንበኞች ቀሪ ዕዳ እዚያ ይመዘገባል። ሁልጊዜ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ (በኮምፒውተሩ 02:00) ሁሉንም ደንበኛ ወደ ጎፋው ሰርቨር ይልካል፤ ጎፋ ያለው በመጣው ይተካል። ምንጩ ጀሞ፣ ተቀባዩ ጎፋ። አንድ ዓመት ያለ ችግር ሠርቷል።

ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ ሲንክ በኋላ የጀሞው ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ተቃጠለና ጥገና ገባ። ሥራ እንዳይቆም ልጅቷ ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ በብራውዘር በቀጥታ ጎፋው ሰርቨር ላይ ስትመዘግብ ቆየች። እንደዚያ እንድታደርግ የነገርኳት እኔው ነኝ። ልብ በሉ፣ በነዚያ አራት ቀናት ትክክለኛው ዳታ ያለው ተቀባዩ ጋ ነው፤ ምንጩ ማክሰኞ ላይ ቆሟል። ቅዳሜ ማታ ኮምፒውተሩ ተጠግኖ መጣ፣ ኬብሉ ተሰካ። ለእሁድ አጥቢያ ሌሊት 8 ሰዓት ሲሆን ሲንኩ እንደ ልማዱ ተነሳና የማክሰኞን ዕዳ በቅዳሜው ላይ ጻፈበት። የአራት ቀን ክፍያ ጠፋ።

ጎፋ ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት ሎጉን ነው። `INSERT 0 412` ይላል። የቀደሙትን ሌሊቶች አየሁ፤ ሁሉም `INSERT 0 412`። ያሉት ደንበኞች 412 ናቸው፤ ሲንኩ የተለወጠውንም ያልተለወጠውንም ስለሚጽፍ ቁጥሩ ሁልጊዜ ያው ነው። ስንት እንደጻፈ እንጂ ምን እንዳበላሸ አይናገርም። እውነቱን ያወጣው `updated_at` ነው፤ ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ የሚል ቀን ያለው አንድም ደንበኛ አልነበረም። ሱቁ አራት ቀን ሙሉ ሲሸጥ ከርሞ!

ይሄን ለሥራ አስኪያጁ በስክሪኑ ላይ አሳየሁት። «ልጅቷ አልወሰደችም፣ የኔ ኮድ ነው የወሰደው» አልኩት። ዝም ብሎ አየኝና ስልኩን አንስቶ ጀሞ ደወለላት።

ቀጥሎ ማስተካከሉ መጣ። ባክአፕ በየቀኑ ከምሽቱ 4 ሰዓት ይወሰዳል፤ የቅዳሜው ከሲንኩ አራት ሰዓት ቀድሞ የተወሰደ ነው። የእሁዱ ግን የተበላሸውን ነው የያዘው። የሰባት ቀን ባናስቀምጥ ኖሮ ጥሩው በእሁዱ ተተክቶ ነበር። የቅዳሜውን በቀጥታ አልመለስኩትም፤ የሰኞ ጠዋት ሽያጭ አብሮ ይጠፋል። ለብቻው ሌላ ዳታቤዝ ላይ ከፍቼ አወዳደርኩት። 38 ደንበኞች ላይ ልዩነት ነበር። 35ቱን ከባክአፑ መለስኩ። ሦስቱ ጠዋት ዕቃ ወስደው ስለነበር የቅዳሜውን ዕዳ አስቀምጠን የጠዋቱን በእጅ ደመርንበት። ከዚያ ልጅቷ የደረሰኝ ጥራዙን ይዛ መጣችና ሁሉንም አንድ በአንድ አመሳከርን። አንድ ሳንቲም አልጎደለም።

የጎደለችው የመጨረሻዋ መስመር ነበረች፦

```
ON CONFLICT (customer_id) DO UPDATE
SET amount = excluded.amount,
    updated_at = excluded.updated_at
WHERE balance.updated_at < excluded.updated_at;
```

የሚመጣው ካለው አዲስ ካልሆነ አይጻፍ ማለት ነው። ይቺ መስመር ብትኖር ኖሮ ያን ሌሊት ሎጉ `INSERT 0 0` ይል ነበር። የተዘለለው ስለማይቆጠር ቁጥሩም ትርጉም ያገኛል፤ አሁን በሌሊት ከ20 እስከ 30 ይላል።

ግን እሷም ሰዓት ታምናለች። ከጥገና የተመለሰ ኮምፒውተር ሰዓቱ ወደፊት ከተሳሳተ፣ አሮጌ ዕዳ ላይ አንድ ነገር የተመዘገበ እንደሆነ እንደ አዲስ ያልፋል። ስለዚህ ሁለት ነገር ጨመርኩ። ከ100 ደንበኛ በላይ ሊለወጥ ሲል ሲንኩ ቆሞ ለእኔ መልእክት ይልካል። ከጥገና የመጣ ኮምፒውተር ደግሞ ኬብሉ ከመሰካቱ በፊት ሰዓቱ ይታያል፣ የሌሊቱ ሲንክ ይጠፋል፣ የጎፋው ዳታ መጀመሪያ ወደ እሱ ይገለበጣል። ይሄን ወረቀት ላይ ጽፌ ኮምፒውተሩ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ልጅቷን ማክሰኞ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። «እኔማ ደረሰኙ ባይኖር ምን እሆን ነበር እያልኩ ነው ያደርኩት» አለችኝ።

ሲንክ የምትጽፉ ልጆቼ፣ ዛሬ ማታ ኮዳችሁን ክፈቱና `WHERE` እንዳለው እዩልኝ።