የሚጠብቅ ከበሮ

ሟች ሲመሰገን መስማት የተለመደ ነው፤ ሟች ይቅርታ ሲጠየቅ መስማት ግን ጥቂት ነው። በኮልፌ 18 ማዞሪያ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ ግቢ፥ በአንዲት ትንሽ ድንኳን ውስጥ በተደረገ የአርባ ቀን መታሰቢያ የታየው ይህ ጥቂቱ ነው። ሟቹ ዕድሜውን ሁሉ በአንድ የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ድራም ሲመታ የኖረ ሰው ነበረ። ጸሎተ ፍትሐቱ ከተደረሰ፥ ጠበሉና ጠላው ከቀረበ በኋላ፥ በጓዱ ውስጥ ባስ ጊታር ይጫወት የነበረው ባልንጀራው ካህናቱን አስፈቅዶ ተነሣ።

«አባቶቼ» አለ፤ «የምናገረው ስለ ሌሊት ቤት ሙዚቃ ስለ ሆነ አትቀየሙኝ። ነገር ግን ይህ ሰው የሠራውን ሥራ ሳልናገር እርሱን መናገር አይሆንልኝም።

»በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ በኢየሩሳሌም ያገኟቸው አርባ የአርመን ልጆች በአገራችን የነሐስ ሙዚቃ በተጫወቱበት ዘመን፥ በሰልፍ ላይ ትልቁን ከበሮ አንድ ሰው፥ ትንሹን አንድ ሰው፥ ጸናጽል የሚመስለውን የነሐስ ሳሕን ሌላ ሰው ይመታ ነበረ። ድራም የሚባለው የእነዚህን ሰዎች ሥራ በአንድ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ለአንድ ሰው የሰጠ ነው። ሁለት እጅና ሁለት እግር አራት ሥራ ይሠራሉ፤ የሚያስማማቸው ግን አንድ ልብ ነው።

»የእኛ ችክችካ በስድስት ይቈጠራል። ወንድሜ እግሩን በአንደኛውና በአራተኛው ያሳርፍ ነበረ፤ የቀረውን በእጁ በቀስታ ይሞላዋል። እኔም ባሱን በእግሩ ላይ አስቀምጥ ነበረ። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ በሰዓት እላፊው ምክንያት ወደ ጭፈራ ቤት የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት ስለማይችል፥ እኛም እስከ ንጋት እንጫወት ነበረ። እንዲህ ባለ ሌሊት ትልቁ ፈተና ድካም አይደለም፤ መፍጠን ነው። እስክስታው ሲግል መቺው ሳያውቀው ይፈጥናል። ይህም መሆኑ የሚታወቀው በዘፋኙ ነው፤ ትንፋሹ ያጥርና የስንኙን መድረሻ ይውጠዋል። እናንተ ባለ ቅኔዎች እንደምታውቁት፥ መድረሻው ከተዋጠ ወርቁ ከሰሙ ጋር ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ ወንድሜ ዓይኑን ከሚጨፍሩት ላይ አንሥቶ በዘፋኙ ትከሻ ላይ ያደርግ ነበረ። ትከሻው ከፍ ሲል፥ ትንፋሽ ሊስብ ነው ብሎ ጥቂት ይጠብቀዋል። ሕዝቡ ዘፋኙን ያጨበጭብለታል፤ የጠበቀውን ግን የሚያየው አልነበረም።

»በ1980ዎቹ ዓመታት ምት የሚያወጣው ኪቦርድ መጣ። የምንሠራበት ቤት ጌታ ‹ለምን አምስት ሰው እከፍላለሁ?› አለን። እኛም እንጀራችንን ፈርተን፥ ‹ለጥቂት ሳምንት ዕረፍ› አልነው። ጥቂቱ ሳምንት ዓመታት ሆነ። አንድ ማታ መጥቶ ከኋላ ተቀምጦ ሰማን። ስንወጣ እጄን ይዞ፥ ‹መሣሪያው አይስትም፤ ነገር ግን አይጠብቅም› አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። የሌላ ሰው ስድብ ቢሆን በረሳሁት ነበረ።

»እርሱ ለሰው ሁሉ ትንፋሽ ይጠብቅ ነበረ፤ እኛ ግን እርሱን አንድ ቀን አልጠበቅነውም። በሕይወቱ ይቅርታ ልጠይቀው እያሰብሁ ዛሬ ነገ ስል አመለጠኝ። አሁን በባለቤቱ ፊት እጠይቃለሁ።»

ይህን ብሎ ወደ ሟች ሚስት ሄዶ ጉልበቷን ሊስም አጐነበሰ። እርሷም ትከሻውን ይዛ አነሣችውና፥ «ቂም አልያዘባችሁም። ሁለቱን የድራም ዱላዎች ግን ለማንም አልሰጠም፤ ከራስጌው ነበሩ» አለችው። ድንኳኑ ጸጥ አለ።

በመጨረሻ ከካህናቱ ሸምግለው የነበሩት መሪጌታ፥ መቋሚያቸውን ተደግፈው እንዲህ ሲሉ ተናገሩ፤ «ልጄ፥ እኛም ዘንድ ከበሮ መቺ የመሪውን አፍ ይጠብቃል። በመረግድ ጊዜ ረጋ ይላል፤ ጽፋት ሲደርስ ያፈጥናል፤ ከመሪው ቀድሞ የፈጠነ እንደ ሆነ ግን ማኅበሩ ሁሉ ይታወካል። ስለዚህ የባልንጀራህን ሥራ ቦታው ቢለይም አውቀዋለሁ። ደግሞ በዐቢይ ጾም ከበሮው ዝም ይላል፤ ምስጋናው በመቋሚያ ብቻ ይደርሳል። ዝም አለ ተብሎ ግን ከበሮው ወደ ውጭ አይጣልም፤ ተሸፍኖ ይቀመጣል፤ በትንሣኤ ሌሊት ይመታል። እናንተ ዝም ያለውን ጣላችሁት፤ ሚስቱ ግን ዱላውን አኑራለታለች። እግዚአብሔርም እርሱን እንዲሁ አስቀምጦታል እንጂ አልጣለውም።»

ባስ መቺው ፊቱን በነጠላው ሸፈነ። ካህናቱ «እግዚአብሔር ይፍታ» ብለው ተነሡ፤ ዝክሩን የቀመሰ ሁሉ ነፍስ ይማር እያለ ወደ ማዞሪያው ወጣ።