ናናና የአጥሩ ቅጠል

ባለፈው አርብ እናቴ ቤት ያጋጠመኝን ላጫውታችሁ።

እናቴ ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል። "ልጄ፣ ለሻይ ናና ቁረጥልኝ" ስትለኝ ወረድኩ። ጎረቤቶች ናናውን የተከሉት ከአጥሩ ሥር ነው። አጥሩ ደግሞ ላንታና ነው፤ ያ በየሸኹናው የምታዩት፣ ቢጫና ቀይ አበባ የሚያወጣው። በቅርቡ ስለተከረከመ አበባ አልነበረውም፤ ለጋ ቅርንጫፎቹም ናናው መሀል ገብተዋል። በችኮላ አንድ እፍኝ ቆርጬ ወጣሁ።

እሷ አንድ በአንድ በጣቷ እየዳበሰች ትለይ ጀመር። "ይሄ ናና ነው፣ ይሄም። ይሄ ግን ምንድን ነው?"

ያወቅሁ መስሎኝ፣ "እማዬ፣ ግንዱን ዳብሺው፣ አራት ማዕዘን ነው፤ ናና ነው" አልኳት።

ሳቀች። "አራት ማዕዘን ሁሉ ናና ነው እንዴ?"

እውነቷን ነው። የናና ለጋ ግንድ በሁለት ጣት ሲሽከረከር አራት ጠርዝ አለው። የበሶብላም የሜሊሳም እንደዚያው ነው። ግን የላንታናም ለጋ ግንድ እንዲሁ ነው! ለጋው ግንድ ድቡልቡል ከሆነ ናና አይደለም፤ አራት ማዕዘን ከሆነ ግን ገና ምንም አልታወቀም።

ከዚያ ጣቴን ይዛ ቅጠሉ ላይ አስቀመጠችው። የናና ቅጠል የተሸበሸበ ነው እንጂ አይሻክርም፤ ግንዱም ላይ ልጥፍ ብሎ ነው የሚወጣው። የላንታናው እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል፣ ከግንዱም የሚያያይዘው ቀጭን ጭራ አለው። ግንዱ ላይ ብዙ ጊዜ ትንንሽ እሾህ ይገኛል፤ እሾህ የሌለውም ስላለ ግን የሚታመነው የቅጠሉ መሻከር ነው።

ሜሊሳም ጭራ አለው፤ ነገር ግን ቅጠሉ ሰፋ ያለና ለስላሳ ነው፣ ቢሳሳቱበትም የሚቀየረው የሻዩ ጣዕም ብቻ ነው። ሬሐን፣ የበሶብላችን ዘመድ፣ ቅጠሉ ቅባት የተቀባ ይመስል ልስልስ ያለ ነው፤ ጠርዙም እንደ ናና መጋዝ አይመስልም።

"ሽታውስ?" አልኳት።

"እጅህ ናና ነክቷል፤ አሁን ድንጋይ ብትይዝም ናና ይሸትሃል።"

ላንታና ራሱም ሲታሽ ኃይለኛ ሽታ ስላለው፣ ቅመም ነው ብሎ መሳሳት ቀላል ነው። ተክሉ መርዛማ ነው፤ በተለይ ያልበሰለው አረንጓዴ ፍሬው። ልጅ በልቶት ካገኛችሁ ሕመም እስኪታይ አትጠብቁ፣ 101 ደውሉ።

ከእፍኙ ውስጥ ሦስት የላንታና ቅርንጫፎች ወጡ። ከነሱ ጋር ተነካክቷል ብላ የቀረውንም ጣለችው፤ የዚያን ቀን ሻይ ያለ ናና ጠጣን። እሁድ ከናናው ሥር ያለው ጥቂት ነቅዬ በማሰሮ ሚርፔሴቷ ላይ ተከልኩላት። ከመትከሌ በፊት እያንዳንዷን በጣቷ አሳለፈቻት።